ትንበያው በየትኛው ቀን ነው? ትምህርት ማቋረጥን የሚተነብይ ሞዴል በዲፌንስ መድረክ

ትምህርት የሚያቋርጡ ተማሪዎችን አስቀድሞ የሚለይ ሞዴል መሥራት የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች ደጋግመው የሚመርጡት የመጨረሻ ዓመት ፕሮጀክት ነው። ዳታው በነጻ ይገኛል፤ ኮዱ ረጅም አይደለም፤ ርዕሱም ለማንም ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ዲፌንሱ ላይ ግን ከብዙ ርዕሶች ይልቅ በቀላሉ የሚፈርስ ነው። እያንዳንዱ ፈታኝ በጊዜው ተማሪ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ አስተማሪ ነው፤ ተማሪ ለምን እንደሚቀር የራሱ ግምት አለው፤ የተማሪ መዝገብ እንዴት እንደሚሞላም ያውቃል። ስለ ምስል ማወቂያ ሞዴል የማይጠይቀውን ጥያቄ እዚህ ይጠይቃል።

የዲፌንስ ሥርዓት ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም አጠቃላይ መልኩ የታወቀ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ፈታኞች ከፊት ይቀመጣሉ፤ አማካሪው ጥግ ይዞ ዝም ይላል፤ የቡድኑ አባላት ተራ በተራ እየተነሡ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያቀርባሉ፤ ከዚያ ጥያቄው ይጀመራል። ስላይዱም ንግግሩም በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክሩ ሲሞቅ ወደ አማርኛ መግባቱ ግን የተለመደ ነው። ከስላይዱ ጀርባ ደግሞ ታዳሚው የማያየው ጽሑፍ አለ፦ በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ ማን ምን እንደሚናገር የሚወስነው የንግግር ስክሪፕት። አብዛኛው ቡድን ይህን ስክሪፕት የሚጽፈው ሞዴሉ ካለቀ በኋላ፣ ከዲፌንሱ በፊት ባለው ሌሊት ነው። የፕሮጀክቱ ትልቁ ድክመት መጀመሪያ ብቅ የሚለውም እዚያው ስክሪፕት ላይ ነው፤ ኮዱ ያለ ስሕተት የሚያልፈውን ነገር ዓረፍተ ነገር አያሳልፈውም።

ነገሩን በዝርዝር ለማየት አራት ተማሪዎች ያሉበት አንድ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እንውሰድ። ቡድኑ የተጠቀመው ዳታ የፖርቱጋል ነው። በዚያች አገር ፖርታሌግሬ በምትባል ከተማ የሚገኝ ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከእ.ኤ.አ. 2008/09 እስከ 2018/19 የተመዘገቡ ተማሪዎቹን መረጃ ማንነታቸውን አጥፍቶ ለሕዝብ ክፍት አድርጓል፤ ዳታው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የዳታ ማከማቻ ውስጥ ይገኛል። ቫለንቲም ሪያሊንዮና ባልደረቦቹ በእ.ኤ.አ. 2022 የዳታውን አሠራር የሚያብራራ ጽሑፍ አሳትመዋል። 4,424 ተማሪዎች አሉበት፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ 36 መግለጫዎችና አንድ ውጤት ተመዝግበዋል። የነርሲንግ፣ የግብርና፣ የጋዜጠኝነትና የማኔጅመንት ተማሪዎች ሁሉ ተቀላቅለውበታል።

የስክሪፕቱ የመጀመሪያ ረቂቅ እንደ ብዙዎቹ ረቂቆች የሚጀምረው በዓለም አቀፍ ችግር ነው። «ትምህርት ማቋረጥ በዓለም ዙሪያ ከባድ ችግር ነው። እኛ የማሽን ለርኒንግ ቴክኒኮችን በመጠቀም ተማሪዎች ትምህርታቸውን እንደሚያቋርጡ የሚተነብይ ሞዴል ሠርተናል።» ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት የለበትም፤ ፈታኙ ግን ከዚህ ምንም አያገኝም። የትኛው ተማሪ? መቼ ነው የሚተነበየው? ትንበያውን የሚቀበለው ማን ነው? ሦስቱም ሳይነገሩ ስላይዱ ያልፋል። የተስተካከለው መክፈቻ እንዲህ ይላል፦ «ሞዴላችን ተማሪው የመጀመሪያውን ሴሚስተር በጨረሰ ዕለት ይሠራል። በዚያን ዕለት ሬጅስትራር ያለውን መረጃ ብቻ ተመልክቶ ተማሪው በመደበኛው የትምህርት ዘመን ማብቂያ ላይ አቋርጦ የመገኘት ዕድሉን ይገምታል። ግምቱ የሚሄደው ለተማሪው አማካሪ ነው።» ንግግሩ ላይ የጨመረው ጊዜ ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የቀረውን የአቀራረብ ቅደም ተከተል የሚወስነው ግን ይኸው ነው፤ የትኛው ዓምድ እንደሚገባ፣ የትኛው ቁጥር እንደሚታይ፣ የትኛው ጥያቄ እንደሚመጣ ሁሉ ከተመረጠው ዕለት ይከተላል።

ከመክፈቻው በኋላ የሚመጣው የዳታ ስላይድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቡድኖች 36ቱን ዓምዶች በአንድ ስላይድ ላይ በደቃቅ ፊደል ደርድረው እያነበቡ ሁለት ደቂቃ ያጠፋሉ። ማንም አይሰማም። ከዚያ ይልቅ ውጤቱ ምን ምን እንደሆነ መናገር ይበቃል። ዳታው ተማሪን በሦስት ይከፍላል፦ ያቋረጡ 1,421፣ አሁንም እየተማሩ ያሉ 794፣ የተመረቁ 2,209። መሀከለኞቹ አስቸጋሪ ናቸው። መደበኛው ዘመን አልቆ ገና ያልተመረቁ ናቸው፤ ነገ ሊመረቁም ሊያቋርጡም ይችላሉ። አንዳንድ ቡድን እነሱን አውጥቶ ይጥላቸዋል፤ በዚህም ሞዴሉ የሚያየው የለየላቸውን ብቻ ስለሚሆን ውጤቱ ያምራል። በእውነተኛ ሥራ ላይ ግን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፊት ሲቀርብ ወደፊት ከየትኛው ወገን እንደሚሆን አይታወቅም፤ መሀከለኞቹን አስቀድሞ ለይቶ ማውጣትም አይቻልም። ስለዚህ እዚህ ያለው ቡድን ያቋረጡትን በአንድ ወገን፣ የቀሩትን 3,003 በሌላ ወገን አደረገ። ስክሪፕቱ ውሳኔውን ከነምክንያቱ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ፈታኙ ባይስማማ እንኳ ነገሩ ታስቦበት መሆኑን ያያል።

ፋይሉን በእጁ የከፈተና ያልከፈተ ሰው የሚለይበት ትንሽ ዝርዝርም አለ። ፋይሉ ስሙ ሲኤስቪ ቢሆንም ዓምዶቹ የሚለያዩት በኮማ አይደለም፤ በሴሚኮለን ነው። የአንዱ ዓምድ ስም መጨረሻ ላይ የማይታይ ታብ ተለጥፏል፤ ዜግነትን የሚገልጸው ዓምድ ደግሞ `Nacionality` ተብሎ በስሕተት ተጽፏል። እነዚህን በንግግሩ ውስጥ ማንሣት አያስፈልግም። «ኮዱን የጻፈው ማነው?» የሚል ፈታኝ ሲመጣ ግን በእንዲህ ያለው ነገር ነው የሚመረምረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ይገባል። የቡድኑ የመጀመሪያ ሞዴል ሁሉንም 36 ዓምዶች ወስዶ ራንደም ፎረስት በሚባለው ዘዴ ሠለጠነ። ከዓምዶቹ መካከል ለትንበያው የትኛው የበለጠ እንደጠቀመ ሲታይ ሁለት ስሞች ከላይ ወጡ፦ `Curricular units 2nd sem (approved)` እና `Tuition fees up to date`። የመጀመሪያው ተማሪው በሁለተኛው ሴሚስተር ያለፋቸውን ኮርሶች ብዛት ይናገራል፤ ሁለተኛው የትምህርት ክፍያው እስከዛሬ ተከፍሎ ማለቁንና አለማለቁን። ረቂቁ ስክሪፕት ይህን በኩራት ያቀርበዋል፦ «ሞዴላችን እንደሚያሳየው የማቋረጥ ዋና ምክንያቶች የሁለተኛ ሴሚስተር ውጤትና የክፍያ ችግር ናቸው።»

እዚህ አንድ ነገር መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከሁለተኛው ሴሚስተር በፊት የጠፋ ተማሪ በዚህ ዓምድ ላይ ምን ተጻፈለት? ዜሮ። ያለፈው ኮርስ ዜሮ ነው፤ አማካይ ውጤቱም ዜሮ ነው። ዳታው ውስጥ ፈተና ተቀምጦ የወደቀና ግቢውን ለቆ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው በአንድ ዓይነት ዜሮ ሊጻፉ ይችላሉ። ስለዚህ ሞዴሉ ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች የሚያደርገው ወደፊት የሚሆነውን መገመት ሳይሆን የሆነውን ማንበብ ነው። የክፍያው ዓምድም ከዚህ አይርቅም፤ ትምህርቱን የተወ ሰው ክፍያውንም ይተዋል። ዓምዱ የተሞላው ተማሪው ከመሄዱ በፊት ይሁን ከሄደ በኋላ ከፋይሉ አይታወቅም። ችግሩን የሚያባብሰው ደግሞ ዳታው ተማሪው ያቋረጠበትን ቀን አለመያዙ ነው። ቀኑ ቢኖር ኖሮ ቀድመው የሄዱትን አውጥቶ ገና ክፍል ውስጥ ባሉት ላይ ብቻ መፈተን ይቻል ነበር።

በመስኩ ይህ ክፍተት የመረጃ መፍሰስ ይባላል፤ መልሱ በሌላ ስም ተሸሽጎ ጥያቄው ውስጥ መግባቱ ማለት ነው። ምልክቱም ቀላል ነው፦ አንድ ዓምድ ብቻውን ውጤቱን ሊወስን ሲቃረብ ደስ ከመሰኘት በፊት ያ ዓምድ በማን እጅና በየትኛው ቀን እንደሚሞላ መጠየቅ። የስክሪፕቱ መክፈቻ ትንበያውን በመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ ላይ ስላቆመው መልሱ ቀላል ሆነ። የሁለተኛው ሴሚስተር ስድስት ዓምዶች በሙሉ ወጡ፤ የክፍያው ዓምድና ባለዕዳ መሆንን የሚናገረው `Debtor` የተሞሉበት ቀን ስለማይታወቅ አብረው ወጡ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ዜሮዎች ግን ይቀራሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጠፋ ተማሪ አሁንም ዜሮ ይዞ ይታያል። ይህን ስክሪፕቱ በግልጽ ይናገራል፦ «በመጀመሪያው ሴሚስተር ምንም ኮርስ ያላለፉ ተማሪዎችን ለብቻ አይተናል፤ ከእነሱ ከፊሉ ትንበያው በሚደርስበት ቀን ግቢ ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ።» ይህ ዓረፍተ ነገር የሞዴሉን ቁጥር ዝቅ ያደርጋል፤ የቡድኑን ተአማኒነት ግን ከፍ ያደርጋል፤ ነጥብ የሚሰጡት ፈታኞች ደግሞ የሚያዩት ሁለተኛውን ነው።

ዳታውን ማሠልጠኛና መፈተኛ አድርጎ መክፈል ስላይዱ ላይ ሁለት መስመር አይፈጅም። ሆኖም ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ውጤቱ ሁሉ ዋጋ ያጣል። ያቋረጡት ቁጥራቸው ስለሚያንስ ብዙ ተማሪዎች `SMOTE` በሚባለው ዘዴ ሰው ሠራሽ ተመሳሳይ ረድፎች እየፈጠሩ ሁለቱን ወገኖች ያመጣጥናሉ። ይህ ከመክፈሉ በፊት ከተደረገ ከአንድ እውነተኛ ተማሪ የተፈጠረ ተቀራራቢ ረድፍ ማሠልጠኛው ውስጥ፣ ተማሪው ራሱ ደግሞ መፈተኛው ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ፈተናው አስቀድሞ የታየ ይሆናል። መጀመሪያ መክፈል፣ ከዚያ ማሠልጠኛውን ብቻ ማመጣጠን ነው ደንቡ። ቡድኑ ለጥያቄ ብሎ ባስቀመጠው ተጨማሪ ስላይድ ላይ ያለው ኮድ ይህ ነው፦

```python
df = pd.read_csv("data.csv", sep=";")
df.columns = df.columns.str.strip()
y = (df["Target"] == "Dropout").astype(int)
late = [c for c in df.columns if "2nd sem" in c]
X = df.drop(columns=late + ["Target", "Debtor",
                            "Tuition fees up to date"])
X_tr, X_te, y_tr, y_te = train_test_split(
    X, y, test_size=0.2, stratify=y, random_state=42)
```

ሁለተኛው መስመር ያንን የማይታይ ታብ ያጠፋዋል። መፈተኛው ውስጥ 885 ተማሪዎች ይገባሉ፤ ከእነሱ 284ቱ ያቋረጡ፣ 601ዱ ያላቋረጡ ናቸው።

በውጤቱ ስላይድ ላይ አብዛኛው ረቂቅ የሚጽፈው አንድ ቁጥር በትልቅ ፊደል ነው፦ አኩሬሲ ይህን ያህል በመቶ። ከዚህ ቁጥር አጠገብ ሌላ ቁጥር ካልቆመ ምንም አይናገርም። ምንም ሳይማር ተማሪውን ሁሉ «አያቋርጥም» የሚል ደንቆሮ ሞዴል ቢኖር ከ4,424ቱ 3,003ቱን በትክክል ይመልሳል፤ ይህም 67.9 በመቶ ነው። አንድም አቋራጭ አላገኘም፤ ነገር ግን ከሦስት ተማሪ ሁለቱን «አውቋል»። ስለዚህ 73 በመቶ ያመጣ ሞዴል ከዜሮ ተነሥቶ 73 አልደረሰም፤ ከ68 ተነሥቶ አምስት ነጥብ ጨመረ እንጂ። ስክሪፕቱ የደንቆሮውን ሞዴል ቁጥር ቀድሞ መናገሩ ፈታኙ እንዳያነሣው ያደርጋል።

ከዚያ የሚመጣው ሠንጠረዥ ነው። ስሌቱ እንዲታይ ያህል የሞዴሉ ውጤት እንዲህ ነው እንበል፤ ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ ናቸው። ከ885ቱ መካከል ሞዴሉ 270 ተማሪዎችን «ሊያቋርጡ ይችላሉ» ብሎ ምልክት አደረገባቸው። ከእነዚህ 213ቱ በእርግጥ ያቋረጡ፣ 57ቱ ያላቋረጡ ናቸው። ሳይታዩ ያለፉት አቋራጮች ደግሞ 71 ናቸው። ከ284 አቋራጮች 213ቱን ማግኘት 75 በመቶ ነው፤ ሪኮል የሚባለው ይህ ነው። ምልክት ከተደረገባቸው 270 ውስጥ 213ቱ ትክክል መሆናቸው 79 በመቶ ይሆናል፤ ይህ ፕሪሲዥን ነው። አኩሬሲው 85.5 በመቶ ይመጣል፤ በስክሪፕቱ ውስጥ ግን የመጨረሻ ቦታ ነው የሚይዘው። ንግግሩ በሰው ይነገራል፦ «ከአራት አቋራጮች ሦስቱን አስቀድመን አገኘን፤ አንዱ አመለጠን። አማካሪው ከሚያናግራቸው አምስት ተማሪዎች አንዱ ያለ ምክንያት ተጠርቷል።» ይህን የሰማ ፈታኝ ሠንጠረዡን ሳያይ እንኳ ነገሩን ይይዘዋል።

እነዚህ ሁለት ስሕተቶች ዋጋቸው እኩል አይደለም። ያለ ምክንያት የተጠራ ተማሪ ሩብ ሰዓት ያጣል፤ ምናልባትም ትንሽ ይደነግጣል። ያመለጠው ተማሪ ግን ዓመታት ያጣል። ስለዚህ ሞዴሉ ዕድሉን ከግማሽ በላይ ሲገምት ብቻ ምልክት እንዲያደርግ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ መስመሩ ወደ 0.3 ቢወርድ ብዙ አቋራጮች ይገኛሉ፤ በከንቱ የሚጠሩትም ይበዛሉ። የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ሒሳብ ሳይሆን አማካሪዎቹ በአንድ ሴሚስተር ስንት ተማሪ ማናገር እንደሚችሉ ነው። ቡድኑ መስመሩን ሲመርጥ መፈተኛውን ዳታ አይቶ ከሆነ ግን እንደገና ፈተናው ታይቷል ማለት ነው፤ ምርጫው ከማሠልጠኛው ውስጥ በተቀነሰ ሌላ ክፍል ላይ መደረግ አለበት። በዚህ ጉዳይ የሚወድቁት ቡድኖች ጥቂት አይደሉም።

ቁጥሮቹ እስኪቀርቡ ድረስ ስለ ፖርቱጋል የተናገረ ማንም የለም። በመደምደሚያው ረቂቅ ላይ ግን «ይህ ሞዴል ለኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቅ ጥቅም ይሰጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተሰክቷል። ከፈታኞቹ አንዱ እዚህ ላይ ብዕሩን ማንሣቱ አይቀርም፤ ስክሪፕቱም አስቀድሞ መልስ ሊያዘጋጅ የሚገባው እዚህ ነው።

ከክፍያው እንጀምር። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከእ.ኤ.አ. 2003 ወዲህ ያለው የወጪ መጋራት ነው፤ ተማሪው ውል ይፈርማል፤ የሚከፍለውም ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። በየሴሚስተሩ የሚከፈል ክፍያ በሌለበት «ክፍያው እስከዛሬ ተከፍሏል» የሚል ዓምድ ትርጉም የለውም። በሁሉም ዓምዶች የሠለጠነው የመጀመሪያው ሞዴል እዚህ ቢመጣ ከሁለቱ ምርኩዞቹ አንዱን አጥቶ ነበር የሚደርሰው።

ሁለተኛው ነገር ማቋረጥ የሚባለው ራሱ ምን እንደሆነ ነው። የአንድ ኢትዮጵያዊ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር መዝገብ ላይ ከትምህርት የወጣ ተማሪ በተለያየ መንገድ ይጻፋል። በውጤት ማነስ የተባረረ አለ፤ ፎርም ሞልቶ በፈቃዱ ያቋረጠ አለ፤ ምንም ሳይናገር ሳይመዘገብ የቀረ አለ። ሦስቱ በአንድ ስም ከተጠሩ አስቂኝ ነገር ይከሰታል። በውጤት ማነስ መባረርን የሚወስነው የሴኔት ሕግ ነው፤ ሕጉም የሚመለከተው ጂፒኤን ነው። ሞዴሉ ጂፒኤን አይቶ የተባረረውን ሲለይ የተማረው ስለ ተማሪው አይደለም፤ ሬጅስትራር በቃሉ የሚያውቀውን ደንብ እንደገና አግኝቶት ነው። ውጤቱ ከ90 በመቶ በላይ ቢሆን አያስደንቅም፤ ለማንም ግን አይጠቅምም። በአገር ውስጥ ዳታ የሚሠራ ቡድን የተባረሩትን ለብቻ አውጥቶ ሞዴሉን በፈቃዳቸው በሄዱትና ድምፃቸውን አጥፍተው በቀሩት ላይ ቢፈትን ቁጥሩ በእጅጉ ይወርዳል፤ ጥያቄው ግን ያን ጊዜ ነው እውነተኛ የሚሆነው።

ሦስተኛው የአቋራጮች ድርሻ ነው። በፖርቱጋሉ ዳታ ከሦስት ተማሪ አንዱ ገደማ አቋርጧል። ከላይ በምሳሌነት የተወሰደው ሞዴል ከአቋራጮች 75 በመቶውን ያገኛል፤ ካላቋረጡት 601 ውስጥ 57ቱን፣ ማለትም 9.5 በመቶውን በስሕተት ይጠራል። ይህ ችሎታው ምንም ሳይቀንስ 1,000 ተማሪዎች ወዳሉበትና ከመቶ ስምንቱ ብቻ ወደሚያቋርጡበት ግቢ ይወሰድ። አቋራጮቹ 80 ናቸው፤ ሞዴሉ 60ውን ያገኛል። የቀሩት 920 ናቸው፤ 9.5 በመቶው 87 ይሆናል። አማካሪው እጅ የሚደርሰው ዝርዝር 147 ስሞች ይዟል፤ ከእነሱ ትክክል የሆኑት 60 ብቻ፣ ማለትም 41 በመቶ ናቸው። ሞዴሉ አንድ ፊደል አልተለወጠም፤ ከአምስት አንድ የነበረው የከንቱ ጥሪ ግን ከግማሽ በላይ ሆነ። ስንት ሰው እንደሚያቋርጥ ሳይታወቅ ፕሪሲዥንን ከአገር አገር ይዞ መሄድ አይቻልም። ይህ ስሌት በነጭ ሰሌዳ ላይ በሁለት ደቂቃ ይሠራል፤ ቡድኑ አስቀድሞ ቢለማመደው ከብዙ ግራፍ ይበልጥ ያተርፋል።

አራተኛው፣ ዳታው የራስ አገር ቢሆንም የማይቀረው፣ የዘመን ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ኮርስ የሚወስዱበት የፍሬሽማን ፕሮግራም ተመለሰ። ከዚያ ወረርሽኙና የሰሜኑ ጦርነት ስንት ግቢ ዘጉ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲታወቅ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህል ብቻ ሆኑ፤ ብዙዎችም በሬሜዲያል በኩል ገቡ። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በ2010 ዓ.ም. ተማሪዎች የሠለጠነ ሞዴል ከዚያ በኋላ የገቡትን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ መግቢያውም መውጫውም ተለውጧል። ዳታን በዘፈቀደ ከመክፈል ይልቅ በቀደሙት ዓመታት አሠልጥኖ በኋለኞቹ መፈተን እንዲህ ያለውን መንሸራተት ያጋልጣል። የፖርቱጋሉ ፋይል የመግቢያ ዓመት ዓምድ የለውም። ሆኖም የሥራ አጥነት፣ የዋጋ ንረትና የአገር ውስጥ ምርት ዓምዶች አሉት፤ እነሱም የሚይዙት ጥቂት የተለያዩ ቁጥሮችን ብቻ ነው፤ የተደበቁ የዓመት ምልክቶች ናቸው ማለት ይቻላል። ተማሪዎቹን በእነዚህ ቁጥሮች መድቦ አንዱን ምድብ ሙሉ በሙሉ ከሥልጠና ውጭ ማድረግ ይቻላል። ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ይህን የሚጠብቅ ፈታኝ ብዙ አይደለም፤ ያደረገ ቡድን ግን ጎልቶ ይታያል።

ስለዚህ የመደምደሚያው ስላይድ ንግግር ይለወጣል፦ «የሠራነው ለፖርታሌግሬ ተማሪዎች የሚሠራ ሞዴል ነው። ወደ አገራችን የሚሻገረው ሞዴሉ ሳይሆን አሠራሩ ነው፦ የትንበያውን ዕለት መወሰን፣ ከዚያ ዕለት በኋላ የተሞላውን ማውጣት፣ የተባረሩትንና የሄዱትን መለየት፣ በቀደመ ዓመት አሠልጥኖ በኋለኛው መፈተን።»

የንግግሩ አከፋፈልም የራሱ ጣጣ አለው። አራት ሰው ሲያቀርብ መግቢያውን አንዱ፣ ዳታውን አንዱ፣ ሞዴሉን አንዱ፣ ውጤቱን አንዱ መውሰዱ የተለመደ ነው፤ ፈታኝ ደግሞ ስለ ሞዴሉ የሚጠይቀው መግቢያውን ያቀረበችውን ተማሪ ነው። በመሆኑም በፖርታሌግሬው ዳታ የሠራው ቡድን በስክሪፕቱ ግርጌ ላይ ለሁሉም አባላት አንድ ገጽ አያይዟል፤ በላዩ ያሉት የ885ቱ ሠንጠረዥ፣ የደንቆሮው ሞዴል 67.9፣ የወጡት ዓምዶችና ምክንያታቸው ናቸው። ከ20 ደቂቃው ዘጠኝ ያህሉ የተመደበው ለሁለት ስላይዶች ነው፦ የትንበያው ዕለት የተወሰነበትና የውጤቱ ሠንጠረዥ። የአልጎሪዝሙ ማብራሪያ ሁለት ደቂቃ ብቻ ተሰጠው፤ ራንደም ፎረስት ምን እንደሆነ ፈታኙ ያውቃል፤ ካላወቀም ይጠይቃል። የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት አንድ ስላይድ ሆነ፤ ከዚያ በላይ የሚሻ በጽሑፉ ውስጥ ያገኘዋል።

ከሚጠበቁት ጥያቄዎች አንዱ ስለ ጾታና ስለ ዜግነት ዓምዶች ነው፤ ለምን ገቡ? ሞዴሉ አንዱን ጾታ ከሌላው አብልጦ ምልክት ያደርግበታል ወይ? መልሱ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ይዘጋጃል፦ ሪኮሉና የስሕተት ጥሪው ለወንዶችና ለሴቶች ለየብቻ ተሰልቶ፣ ዓምዱ ሲወጣና ሲገባ የሚያመጣው ልዩነት በተጨማሪ ስላይድ ላይ ተቀምጦ። ሌላው ጥያቄ ዝርዝሩ ማን እጅ እንደሚገባ ነው። «ሊያቋርጥ ይችላል» የተባለ ተማሪ ስሙ ለኮርሱ መምህር ቢደርስ መምህሩ ገና ፈተና ሳያርም ስለ ተማሪው አስተያየት ይይዛል። ቡድኑ ዝርዝሩን ለአማካሪው ብቻ እንደሚሰጥ፣ ነጥቡን ሳይሆን ስሙን ብቻ እንደሚያሳይ፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅም እንደሚሰረዝ ወስኖ በመክፈቻው ስላይድ ላይ ጽፎታል፤ ጥያቄው ሲመጣ ወደዚያ ስላይድ መመለስ ብቻ ይቀረዋል።

ከዲፌንሱ በኋላ ፈታኞች የማስተካከያ ዝርዝር ይሰጣሉ፤ ቡድኑ አስተካክሎ አማካሪውን አስፈርሞ ያስገባል። በዚህ ርዕስ ላይ በዝርዝሩ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት «ሞዴሉን አሻሽሉ» የሚሉ አይደሉም፤ የዓምዶቹ ምርጫ ምክንያት ይጻፍ፣ የመነሻ ሞዴሉ ውጤት ይጨመር፣ የመደምደሚያው ዓረፍተ ነገር ይለዝብ የሚሉ ናቸው። ሦስቱም ስክሪፕቱ ውስጥ አስቀድመው ከተጻፉ ለማስተካከያው የሚቀረው የፊደል ግድፈትና የገጽ ቁጥር ነው።